«አሪፍ ነው» አይበቃም፦ የክላስሜትን ስላይድ ስናይ የምንሠራቸው ስህተቶች

አራት ኪሎ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ፕሬዘንቴሽን አስተምራለሁ። ኮርሱ ስምንት ሳምንት ነው። በመጨረሻው ቅዳሜ እያንዳንዱ ተማሪ ፕሮጀክተሩ ፊት ቆሞ አሥር ደቂቃ ያቀርባል። ከዚያ በፊት ባለው ረቡዕ ሁለት ሁለት እየሆኑ ረቂቃቸውን ይለዋወጣሉ። አንዱ የሌላውን ስላይድ አይቶ አስተያየቱን ይሰጣል። ለዚህ የምትሆን የአንድ ገጽ ቼክሊስት አለችን። ወረቀቷ ግን ብቻዋን አታድንም። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ ለጓደኛቸውም ያስባሉ። ሆኖም በየዙሩ ያው ስህተት ይደጋገማል። ባለፈው ዙር ያየሁት በጣም ስላሳዘነኝ ልጽፈው ወሰንኩ።

ከፊደል መጀመር

አንድ ተማሪ አለ። አጎቱ ዳቦ ቤት አላቸው። እዚያ የሚጋገረው ሌሊት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ዳቦው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ያልቃል። ሰው ከሥራ የሚወጣው ደግሞ 11 ሰዓት ላይ ነው። ልጁ ለ12 ቀን በሩ ላይ ተቀምጦ ዳቦ አጥቶ የሚመለሰውን ሰው ቆጠረ። 516 ሆነ፤ በቀን 43 ሰው ማለት ነው። ሊል የፈለገውም ግልጽ ነበር፦ አጎቴ ከሰዓት ሁለተኛ ዙር ይጋግሩ። በራሱ እጅ ቆጥሮ እንዲህ ያለ መረጃ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ብዙ አያጋጥመኝም።

ረቂቁ 14 ስላይድ ነበር። ስላይዱ የደረሳት ልጅ አንድ ምሽት ሙሉ ተቀምጣ 23 አስተያየት ጻፈችለት። ሁሉንም አንብቤዋለሁ። «ሰራ» ሳይሆን «ሠራ» ይባል። ስላይድ 4 ላይ አራት ነጥብ ቀርቷል። አረንጓዴው ቀለም ዓይን ይወጋል። ፎቶው ትንሽ ወደ ግራ ቢሄድ። አንዱም ስህተት አልነበረውም። ግን 43 የሚለው ቁጥር ስላይድ 11 ላይ ተቀብሮ ስለመቅረቱ አንድም ቃል አልጻፈችም። እሱም አምኗት ሁሉንም አስተካከለ። ቅዳሜ አሥር ደቂቃው ሲያልቅ ገና ስላይድ 8 ላይ ነበር፤ ዳቦ ቤቱ እንዴት እንደተከፈተ እየተረከ። ተጨበጨበለትና ተቀመጠ። ዳቦ አጥቶ ስለሚመለሰው ሰው ግን ክፍሉ ውስጥ የሰማ አልነበረም።

ለምን ከፊደል እንደምንጀምር ይገባኛል። የፊደል ስህተት ቶሎ ይታያል። መናገሩም ሰው አያስቀይምም። ብዙ የሠራን ይመስለናል። ችግሩ ግን ያ ስላይድ ነገ ሊወጣ ይችላል። ሊወጣ በሚችል ስላይድ ላይ «ሠ» እና «ሰ»ን ማስተካከል የሚፈርስ ግድግዳ መቀባት ነው። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ባለቤቱ 23 አስተያየት ሲያይ ሌላ ችግር የቀረ አይመስለውም።

ስለዚህ መጀመሪያ ምንም አታርሙ። ፓወርፖይንቱን ክፈቱና `View` ከዚያም `Slide Sorter` የሚለውን ተጫኑ። ስላይዶቹ ትንንሽ ሆነው ባንድ ላይ ይደረደራሉ። ከላይ ያሉትን ርዕሶች ብቻ በቅደም ተከተል አንብቡ። የዚህ ልጅ ርዕሶች «መግቢያ»፣ «ዳራ»፣ «ዓላማ»፣ «ዘዴ»፣ «መረጃ 1»፣ «መረጃ 2» እያሉ የሚቀጥሉ ነበሩ። ከእነዚህ ስለ ዳቦ አንድም ነገር አይገኝም። ርዕስ የስላይዱን ፍሬ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር አለበት።

ቀጥላችሁ ስላይዱን ዝጉትና ወረቀት ላይ «እኔ የገባኝ…» ብላችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። መጻፍ ካቃታችሁ የመጀመሪያው አስተያየታችሁ እሱ ነው። የጻፋችሁት ባለቤቱ ሊል ከፈለገው ከተለየም እንደዚያው። በኋላ ከልጁ ጋር ቁጭ ብለን ስንሞክረው 14ቱ ስላይድ 6 ሆነ። የመጀመሪያው «በየቀኑ 43 ሰው ዳቦ አጥቶ ይመለሳል» ይላል። ሁለተኛው እንዴት እንደቆጠረ ያሳያል። ሦስተኛው ሰዉ የሚመጣበትን ሰዓት፣ አራተኛው የሁለተኛውን ዙር ወጪ፣ አምስተኛው ዳቦው ባይሸጥ የሚመጣውን ኪሳራ። የመጨረሻው «ለአንድ ወር እንሞክረው» የሚል ነው። ዳቦ ቤቱ እንዴት እንደተከፈተ የሚተርኩት ስላይዶች በሙሉ ወጡ። ይህን ያደረግነው ግን ቅዳሜ ካለፈ በኋላ ነው። ረቡዕ መደረግ ነበረበት።

ሰዓት አለመያዝ

ስላይድ ቆጥሮ «14 ነው፣ ይበዛል» ማለት ብዙም አይጠቅምም። አንዱ ስላይድ በሃያ ሰከንድ ያልቃል፤ አንዱ ሦስት ደቂቃ ይበላል። ባለቤቱ ድምፁን አውጥቶ ያቅርብ፤ እናንተ የስልካችሁን ሰዓት ይዛችሁ ስላይዱ በተቀየረ ቁጥር ደቂቃውን ጻፉ። ክፍሉ አሥር ደቂቃ ከሰጠ ልምምዱ በስምንት ተኩል ማለቅ አለበት። ፕሮጀክተሩን ማገናኘትም፣ የሰው ጥያቄም ከዚያው አሥር ደቂቃ ላይ ይቀነሳል።

ቻርቱን አይቶ ማለፍ

ቻርት ሲመጣ ገምጋሚው «ቆንጆ ግራፍ» ይልና ያልፋል። ሁለት ነገር ብቻ እንዲያይ እለምናለሁ።

አንደኛው የቆመው መስመር ከስንት እንደሚጀምር ነው። አንዲት ተማሪ የአንድ ቤተ መጻሕፍትን ተጠቃሚዎች በባር ቻርት አሳየች። አምና 412፣ ዘንድሮ 436። መስመሩ የሚጀምረው ግን ከ400 ነበር። ስለዚህ የአምናው ባር በ12፣ የዘንድሮው በ36 ቁመት ቆመ። ለዓይን ተጠቃሚው ሦስት እጥፍ የሆነ ይመስላል። እውነተኛው ጭማሪ ግን 24 ሰው ነው፤ ወደ 6 በመቶ ገደማ። እሷ ልታታልል አስባ አይደለም፤ ፕሮግራሙ በራሱ እንዲህ ሊያወጣው ይችላል። ባር ቻርት ከዜሮ ይጀምር።

ሁለተኛው የዓመተ ምሕረቱ ነገር ነው። ከመሥሪያ ቤት የመጣ ቁጥር በእኛ አቆጣጠር ይሆናል፤ ከውጭ ድረ ገጽ የተወሰደው በፈረንጆቹ። ሁለቱ አንድ ቻርት ላይ ሲገቡ 2015 እና 2023 የሚባሉት ስምንት ዓመት የተራራቁ ይመስላሉ። የበጀት ዓመት ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የ2016 በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን 2015 ነው፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 8 ቀን 2023። የሚያልቀው ሰኔ 30 ቀን 2016፣ ማለትም ጁላይ 7 ቀን 2024 ነው። ስለዚህ ከፈረንጆቹ አንድ ዓመት ጋር በትክክል አይገጥምም። ገምጋሚው በእያንዳንዱ ዓመት አጠገብ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» መኖሩን፣ የበጀት ዓመት ከሆነም መባሉን ይይ። ካልተጻፈ ባለቤቱን ይጠይቅ። ብዙ ጊዜ ባለቤቱም አያውቀውም፤ ሄዶ ያጣራል። ቅዳሜ ሰው ፊት ከመጠየቅ ረቡዕ በጓደኛ መጠየቅ ይሻላል።

በስልክ መገምገም

ታክሲ ውስጥ ሆኖ ቴሌግራም ላይ የመጣን ስላይድ ማየት አለ። ስልኩ ዓይናችሁ ሥር ስለሆነ ሁሉም ነገር ይነበባል። ክፍሉ ውስጥ ግን የመጨረሻው ወንበር ሩቅ ነው።

የእኛ ክፍል ስክሪን ወደ 2 ሜትር ይሰፋል፤ የኋላው ወንበር ከስክሪኑ 10 ሜትር ይርቃል። የስፋቱ አምስት እጥፍ ማለት ነው። የላፕቶፕ ስክሪን 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ አምስት እጥፉ 1 ሜትር ተኩል ይመጣል። ስለዚህ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አድርጉ፣ ስላይዱን ሙሉ ስክሪን ክፈቱ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱና አንብቡ። በእኛ ፊደል ቀድማ የምትጠፋው ትንሿ ጭረት ናት። «ቡ» እና «ቢ»ን የምትለየው እሷው ናት። ከዚያ ርቀት ሁለቱን መለየት ካቃታችሁ ጽሑፉ ይተልቅ፤ ለማተለቅ ቦታ ከሌለ ቃላት ይቀነሱ።

ፊደሉንም በሌላ ኮምፒውተር ከፍታችሁ እዩ። በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ስላይድ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ይመጣል። ባለቤቱ ቤት ስላላየው አያውቅም። ዊንዶውስ ላይ ከ`File` ወደ `Options` ከዚያ ወደ `Save` ገብቶ `Embed fonts in the file` የሚለውን ምልክት ማድረግ ይረዳል፤ ሁሉም ፎንት ግን ይህን አይፈቅድም። ስለዚህ የፒዲኤፍ ቅጂም ፍላሽ ላይ ይኑር።

ይሉኝታ

በክፍላችን የሃያ ሦስት ዓመት ልጅና የሃምሳ አምስት ዓመት ሰው አብረው ይማራሉ። አንዲት ልጅ የትልቅ ሰው ስላይድ ደርሷት «አሪፍ ነው ጋሼ» ብላ መለሰችላቸው። ችግሩን ለእኔ ነገረችኝ፤ ለእሳቸው ግን አልነገረችም። አልፈረድኩባትም፤ አስተዳደጋችን ነው። ግን በጥያቄ መልክ ማቅረብ ይቻላል፦ «ጋሼ፣ ስላይድ 5 ላይ ያለው ቁጥር የስንት ወር ነው? እኔ አልገባኝም።» በኋላ እንዲህ ብላ ስትጠይቃቸው ቆም ብለው አሰቡ። «ውይ፣ የስድስት ወር ነው፤ አልጻፍኩትም ለካ» አሉ። ማንም አልተቀየመም።

ራስ ጽፎ መመለስ

ይህን እኔም አድርጌዋለሁ። ጀማሪ ሳለሁ የአንድ ባልደረባዬን ስላይድ «ላግዘው» ብዬ ሦስቱን እንደገና ሠራሁለት። እኔ እንደምናገረው አድርጌ ነበር የጻፍኩት። ሲያቀርብ እነዚያ ሦስት ስላይዶች ላይ ሲደርስ ዝም አለ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ስክሪኑ አዙሮ ማንበብ ጀመረ። ስላይዱ የእሱ አልነበረም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አሁን የሚታየኝን ችግር እናገራለሁ እንጂ ፋይሉን አልነካም።

ሁሉንም እኩል መናገር፣ ዘግይቶ መናገር

አስተያየታችሁን በስላይድ ቁጥር ጻፉ። የግድ መስተካከል ያለባቸውን ከላይ አድርጉ፤ ከሦስት አይብለጡ። ሌላውን ከታች «ጊዜ ካለህ» ብላችሁ ለዩት። ፊደሉ እዚያ ይገባል። የሰባት ደቂቃ ቮይስ አትላኩ፤ ሰው ፋይሉን እያረመ ቮይስ እየመላለሰ መስማት አይችልም። ዓርብ ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ደግሞ የስላይድ ቅደም ተከተል ቀይር አትበሉት። ያኔ የሚነገረው የተሳሳተ ቁጥርና የማይከፈት ፋይል ብቻ ነው።