ሥራው ጸድቆ ብሩ ሲቀር፦ በክፍያ መጠየቂያ ደብዳቤ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ በግላቸው የሚሠሩ ወጣት ዲዛይነሮች ደብዳቤ ከመላካቸው በፊት «እስቲ እየው» እያሉ ያሳዩኛል። ታሪኩ ሁሌም ይመሳሰላል። ሎጎው ተሠርቷል፣ ደንበኛው ተስማምቷል፣ ሥራው ማተሚያ ቤት ገብቶ ወጥቷል። ቀሪው ክፍያ ግን ዛሬ ነገ እየተባለ ይጓተታል። ደብዳቤዎቹም ይመሳሰላሉ፣ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

አንዱን በዝርዝር ላሳያችሁ። አንዲት ጎበዝ ልጅ ጣና ዳር ላለ ሎጅ ሎጎ፣ የምግብ ዝርዝርና የበር ታፔላ ሠራች። ውሉ 28,000 ብር ነው። 10,000 ቅድሚያ ተከፈላት። ቀሪው ሥራው በጸደቀ በ15 ቀን ውስጥ ሊከፈላት ነበር። ቀኑ አለፈ። በቴሌግራም ይህን ላከች፦

«ሰላም ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ። ያቺን ነገር ቢያስቡልኝ ብዬ ነው። የቤት ኪራይ ደርሶብኝ ነው እንጂ አልጨቀጭቅዎትም ነበር። ሲመችዎት።»

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ይህ ነው፦ ልመና። እባካችሁ ይህን ተዉ! ሠርታችሁ ያገኛችሁትን ገንዘብ እንደ ብድር አትጠይቁ። «ያቺን ነገር» ማለት ስንት ብር ነው? የየትኛው ሥራ? «ሲመችዎት» ስትሉ ደግሞ በውሉ ላይ የተጻፈውን ቀን በገዛ እጃችሁ ሰረዛችሁት። ከሁሉም የከፋው የቤት ኪራዩ ነው። ኪራይ ያንተ ወይም ያንቺ ጣጣ እንጂ የሎጁ ዕዳ አይደለም። ነገሩ ወደ ችግር ከዞረ ደንበኛው ራሱን እንደ ረጂ ያያል። በእርግጥም ሰውዬው በቴሌብር 3,000 ብር ላከላትና «ለኪራይሽ ትሁንሽ» አላት። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። የጠየቀችው እርዳታ ነበርና እርዳታ ሰጣት። የቀረው 15,000 ብር ግን ከዚያ በኋላ አልተነሳም።

በባህላችን ታላቅን በገንዘብ መያዝ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ታላቅን ማክበር በ«እርስዎ»ና በሰላምታው ያልቃል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው የብሩ መጠን ነው።

ሁለተኛው ስህተት ሥራው መጽደቁን አለመጥቀስ ነው። ዲዛይነሮች ይህን ይዘሉታል፣ ለእነሱ ግልጽ ነዋ። ለደንበኛው ግን ግልጽ ሆኖ አይቆይም። ብር ሲጠየቅ «ቀለሙ ትንሽ ቢቀየር ጥሩ ነበር» የሚል ሐሳብ ድንገት ይመጣል። ለዚህች ልጅም መጣባት። ስለዚህ ማን፣ መቼ፣ በምን ቃል እንዳጸደቀው በደብዳቤው ላይ ይግባ። «ቆንጆ ነው» ብቻ ከሆነ አስተያየት ነው፣ ያከራክራል። «ለማተሚያ ቤት ይላክ» ግን ማጽደቅ ነው። ቴሌግራም ላይ የተጻፈን መልእክት ሌላው ወገን ከሁለቱም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል። ስለዚህ ስምና ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ ወዲያውኑ ስክሪንሾት አንሱት። ታፔላው በሩ ላይ ከተሰቀለ እሱንም ፎቶ አንሱ። ሥራውን እየተጠቀመበት አልተስማማኝም ማለት ያስቸግረዋል።

የቀለሙ ጥያቄስ? ደብዳቤው ውስጥ አትከራከሩበት፣ «እሺ አስተካክላለሁ»ም አትበሉ። እሺ ካላችሁ ሥራው አላለቀም ማለታችሁ ነው፣ የ15 ቀኑ ቆጠራም አከራካሪ ይሆናል። ከጸደቀ በኋላ የመጣ ለውጥ አዲስ ሥራ ነው፣ ዋጋውም ለብቻው ነው። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉና እለፉ።

ቀኑን በቁጥር ብቻ አትጻፉ። 05/02 ለአንዱ ጥቅምት 5 ነው፣ የውጭ አቆጣጠር ለለመደ የሒሳብ ሠራተኛ ፌብሩዋሪ ነው። የወሩን ስም ጻፉ። «በቅርቡ» ወይም «በሳምንት ውስጥ» ሳይሆን አንድ የሥራ ቀን ቁረጡ። ልጅቷ መጀመሪያ የጻፈችው ኅዳር 21ን ነበር፤ በ2018 ዓ.ም. የዋለው እሑድ ነው፣ ጽዮንም ናት። ወደ ሰኞ አሻገርነው።

ዛቻ አይግባበት። «ፌስቡክ ላይ አወጣዎታለሁ» ብሎ መጻፍ ተበዳዩን ከሳሽ ከመሆን ተከሳሽ ወደመሆን ሊያዞረው ይችላል። ውሉ ላይ የሌለ «በየቀኑ 5 በመቶ ቅጣት»ም ፋይዳ የለውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ያስቀመጠው ሕጋዊ ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው። በ15,000 ብር ላይ ሁለት ወር ቢታሰብ 225 ብር ገደማ ነው። ለዚህ ብላችሁ ደብዳቤውን አታበላሹት። የሚጠቅማችሁ አንቀጽ 1772 ነው። ሌላው ወገን ውሉን አልፈጸመም ብሎ ለመክሰስ በመደበኛው አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል ይላል። ይህ ደብዳቤ ያ ማስጠንቀቂያ እንዲሆን አድርጋችሁ ጻፉት። የመክፈያው ቀን ሳይደርስ ግን አትላኩት።

በድምፅ መልእክት ክፍያ አትጠይቁ።

ልጅቷ በመጨረሻ የላከችው ይህን ነው፦

«ቀን፦ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለሎጁ ሥራ አስኪያጅ
ባሕር ዳር
ጉዳዩ፦ ቀሪ ክፍያ 15,000 ብር እንዲከፈል ስለመጠየቅ

የሎጎ፣ የምግብ ዝርዝርና የታፔላ ዲዛይን ሥራውን ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም. በቴሌግራም ‹ለማተሚያ ቤት ይላክ› ብለው አጽድቀውልኛል። በውላችን መሠረት ቀሪው ክፍያ እስከ ጥቅምት 23 መከፈል ነበረበት። ከጠቅላላው 28,000 ብር በቅድሚያ 10,000፣ በኋላም በቴሌብር 3,000 ብር ተቀብያለሁ። ቀሪው 15,000 ብር እስከ ሰኞ ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም. እንዲከፈለኝ በአክብሮት አሳውቃለሁ። የቀለም ለውጡን ቀሪው ክፍያ ሲጠናቀቅ በተለየ ዋጋ እሠራለሁ። የውሉና የማጽደቂያው ቅጂ ተያይዟል።

ከሰላምታ ጋር
ግልባጭ፦ ለፋይናንስ ክፍል»

3,000 ብሩን ልብ በሉ። ለኪራይ ተባለም አልተባለ ከዋናው ሒሳብ ተቀንሷል። የተቀበሉትን ደብቆ ሙሉውን መጠየቅ እውነተኛውን ዕዳም ያስጠረጥራል።

ግልባጩም ለወግ አይደለም። ባለቤቱ «እሺ» ቢልም ብሩን የምታወጣው ሒሳብ ሠራተኛዋ ናት፣ እሷ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስለ ዕዳው አልሰማችም። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አትሙና በእጅ አድርሱ። በራሳችሁ ቅጂ ላይ የተቀበለው ሰው ስሙን፣ ፊርማውንና ቀኑን ያስፍር፣ ማኅተም ካላቸውም ይምቱበት። አልደረሰኝም የሚል መልስ የሚዘጋው በዚህ ነው።

በማግሥቱ የደወለችላት ሒሳብ ሠራተኛዋ ነበረች። የጠየቀቻትም ደረሰኝና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ነው። ባለቤቱ «ነገ» ሲል የነበረው ፋይሉ ውስጥ ደረሰኝ ስለሌለ ጭምር ነበር፣ ማንም ግን አልነገራትም። ደረሰኙን በዚያው ቀን ወሰደችላት። ከግብር ተቀናሹ በስተቀር ገንዘቡ ከቀኑ በፊት ባንክ ገባ። ለተቀነሰባት ደግሞ የተቀናሽ ደረሰኝ እንድትቀበል ነግሬያት ተቀብላለች፣ ዓመታዊ ግብሯን ስታሳውቅ ይታሰብላታል።