ላይክ፣ ኮመንት፣ ሴቭ ወይስ ሼር? የቪዲዮን ቁጥር እንዴት ማንበብ ይቻላል

ቪዲዮ ለቃችሁ በማግስቱ ስልካችሁን ስትከፍቱ መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው ላይኩ ላይ ነው። ተመልካቹ ምን ያህል እንደወደደው ለማወቅ ግን ላይክ ከአራቱ ምልክቶች ደካማው ነው። ሰው እያለፈ ነካ አድርጎት ይሄዳል። ሴቭ ያደረገ ሰው ተመልሶ ሊያየው አስቧል። ሼር ያደረገው ደግሞ የሚያውቀውን ሰው አስታውሶ፣ "ይሄ ለእሷ ይሆናል" ብሎ ልኮታል። ስሙን አብሮ ስለሚያስይዝ ለማንም ዝም ብሎ አይልክም።

ይህን በራሳችሁ ገጽ ላይ ለማየት ኢንስታግራምን ምሳሌ እናድርግ። መጀመሪያ አካውንታችሁን ወደ ፕሮፌሽናል ቀይሩት፤ ከሴቲንግ ውስጥ በነጻ ይቀየራል። ከዚያ ቪዲዮውን ከፍታችሁ View insights የሚለውን ንኩ። ቪዲዮው ለስንት ሰው እንደደረሰ፣ ስንት ላይክ፣ ኮመንት፣ ሴቭ እና ሼር እንዳገኘ እዚያው ታገኛላችሁ።

ቁጥሩን እንዳለ አታወዳድሩ። እያንዳንዱን ቪዲዮው ለደረሰው ሰው ብዛት አካፍላችሁ በ100 አባዙት። ሁለት ቪዲዮ ስታወዳድሩም እድሜያቸው እኩል ይሁን። እኔ ሁሌም ከተለቀቁ በ7ኛው ቀን ያለውን ቁጥር እወስዳለሁ።

አንድ የምግብ ገጽ አለ እንበል። የመጀመሪያው ቪዲዮ የቡና ሥነ ሥርዓት ነው፤ ጭሱ፣ ቄጠማው፣ ረከቦቱ ሁሉም ያምራል። 20,000 ሰው ጋ ደርሶ 1,400 ላይክ፣ 90 ኮመንት፣ 20 ሴቭ እና 30 ሼር አገኘ። ሁለተኛው እንጀራ ዓይን አላወጣ ሲል አብሲቱን እንዴት ማስተካከል እንደሚቻል ያሳያል። እሱ 6,000 ሰው ጋ ብቻ ደረሰ። 240 ላይክ፣ 40 ኮመንት፣ 300 ሴቭ እና 180 ሼር አገኘ።

በላይክ ካየነው ቡናው አሸንፏል። ከመቶ ሰው 7ቱ ላይክ አድርገውታል፤ እንጀራውን ግን 4ቱ ብቻ። ሴቭ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይገለበጣል። የእንጀራውን ከመቶ 5 ሰው አስቀምጦታል፤ ቡናውን ከሺህ አንድ። ሼርም እንደዚያው ነው፤ እንጀራው ከመቶ 3፣ ቡናው ከሺህ አንድ ተኩል። ቡናውን ሰው ወዶት አለፈ። እንጀራውን ግን ሊጥ ሲያቦካ ሊከፍተው አስቀመጠው፣ ውጭ አገር ሆና እንጀራ አልወጣ ላላት እህቱም ላከው።

ኮመንትን ከመቁጠር ይልቅ አንብቡት። የቡናው 90 ኮመንት "ዋው" እና ልብ ብቻ ከሆነ ከላይክ ብዙም አይሻልም። የእንጀራው 40 ግን "ጤፉ ከገብስ ጋር ቢቀላቀልስ?" የሚል ዓይነት ከሆነ፣ ሰውየው ሊሠራው ተነስቷል ማለት ነው። የራሳችሁን መልሶችም ከቁጥሩ ቀንሱ፤ ለእያንዳንዱ ከመለሳችሁ ግማሹ የእናንተው ነው።

የኢንስታግራም ኃላፊ አዳም ሞሴሪም በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ኢንስታግራም ቪዲዮን ለማን እንደሚያሳይ ሲወስን ምን ምን እንደሚያይ ተናግሮ ነበር። ዋና ብሎ የጠቀሳቸው ሰው ቪዲዮውን ያየበት ጊዜ፣ ላይክ እና ለሌላ ሰው መላክ ናቸው። ላይክ ይበልጥ የሚያግዘው ተከታዮቻችሁ ጋ ለመድረስ ሲሆን፣ መላክ ደግሞ ገና የማያውቋችሁ ሰዎች ጋ ለመድረስ ነው። ስለዚህ ገጹን ማሳደግ የሚፈልግ ሰው ሼሩን ቀድሞ ቢያይ አይሳሳትም።

ሼር ግን ሁልጊዜ ፍቅር አይደለም። የሚያናድድ ወይም የሚያሳፍር ቪዲዮም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ይህን የምታውቁት ሼሩ በዝቶ ሴቩ ባዶ ሲሆንና ኮመንቱ በስድብ ሲሞላ ነው። ቀልድም ሼሩ በዝቶ ሴቭ ላያገኝ ይችላል፤ የእሱ ግን ኮመንቱ ሳቅ ነው። "ለሽልማት 3 ጓደኛ ታግ አድርጉ" ብላችሁ ያመጣችሁትን ኮመንት ከስሌቱ አውጡት። ቪዲዮው የደረሰው መቶ ሁለት መቶ ሰው ጋ ብቻ ከሆነም አትፍረዱ፤ አምስት ዘመዶች ሴቭ ቢያደርጉ ስሌቱን ያዛቡታል። ቪዲዮውን አውርዶ በቴሌግራም የሚልከውም አለ፤ እዚያ የተላከው ኢንሳይትስ ላይ አይመጣም።

ለዚህ የምግብ ገጽ ቀጣዩ ሥራ ከእንጀራው ኮመንት ውስጥ በብዛት የተጠየቀውን መርጦ አዲስ ቪዲዮ መሥራት ነው። በ7ኛው ቀን ሴቩንና ሼሩን ከመቶ አስልቶ ከ5 እና ከ3 ጋር ማስተያየት ይችላል።