ቲቪው ዋይፋይ ይዞ አካውንት አላስገባ ሲል

ምልክቱ ይህ ነው። ቲቪው ዋይፋይ ተገናኝቷል ይላል። ስልክዎ በዚያው ዋይፋይ ዩቲዩብ ያጫውታል። ቲቪው ላይ ግን ዩቲዩብም ሌላውም አፕ መገናኘት አልቻልኩም እያለ ይመልስዎታል። ፓስወርድ የተሳሳቱ መስሎዎት አዲስ አካውንት ለመክፈት አይቸኩሉ። እምቢ ያለው አንድ አፕ ብቻ ከሆነ ጣጣው የአፑ ወይም የአካውንቱ ነው። ሁሉም አንድ ላይ ካመፁ ግን አስቀድመው የቲቪውን ቀንና ሰዓት ይዩ።

አፑ ከኩባንያው ሰርቨር ጋር ሲገናኝ የሰርቨሩን ዲጂታል ሰርተፍኬት ያጣራል። ሰርተፍኬቱ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። የቲቪው ቀን ከዚያ ውጭ ከሆነ አፑ ሰርቨሩን አያምነውም፤ በሩን ይዘጋል። አንዳንድ ቲቪ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቀኑን ይረሳል።

ደብረ ብርሃን ጎረቤታችን ቤት የሆነው ይኸው ነው። መብራት ሲመጣ ልጃቸው ቀኑን ግድግዳ ላይ ካለው ካላንደር አይቶ ሞላው፤ ጥቅምት 5 ቀን 2018። ከምሽቱ 2 ሰዓት ስለነበር ሰዓቱንም 2:00 አለው። ለቲቪው ግን 2018 የፈረንጆቹ 2018 ነው። ያኔ የዛሬዎቹ ሰርተፍኬቶች ገና አልተሰጡም። ትክክለኛው ኦክቶበር 15 ቀን 2025፣ 20:00 ነበር።

መፍትሄው፦ Settings ውስጥ ገብተው ቀንና ሰዓቱን Automatic ላይ ያድርጉት። የሰዓት ቀጠናውን አዲስ አበባ፣ ከሌለ ናይሮቢ ይምረጡ፤ ሁለቱም UTC+3 ናቸው። በራሱ አልስተካከል ካለ በፈረንጆች አቆጣጠር በእጅ ይሙሉት። ከዚያ ቲቪውን ከሶኬት ሳይሆን ከሜኑው Restart ያድርጉት። ሶኬት ከነቀሉ ያው ቲቪ የሞሉትን ቀን መልሶ ሊረሳ ይችላል።

አሁን አካውንቱ ይገባል። ግን የማን አካውንት? ዩቲዩብ ቲቪው ላይ ኮድ ያሳይዎታል፤ በስልክዎ youtube.com/activate ብለው ያስገቡታል። ቲቪው ላይ የሚገባው ስልኩ ላይ የመረጡት አካውንት ነው። ስለዚህ ኮዱን የጎረቤት ልጅ በራሱ ስልክ ካስገባልዎ፣ ሳሎንዎ የሚታየው ሁሉ የእሱ ሂስትሪ ውስጥ ይገባል፤ የእሱም ምርጫ እናንተ ቤት ይመጣል። ኮዱ ጊዜው ካለፈ አዲስ ያውጡ እንጂ አሮጌውን ደጋግመው አይሞክሩ።

የሞባይል ቤት ልጅ ጂሜይል ሲከፍትልዎ ደግሞ የማን ስልክ ቁጥር እንዳስገባ ይጠይቁ። የራሱን ከሆነ ፓስወርድ በጠፋ ቀን የማረጋገጫው መልዕክት የሚሄደው ለእሱ ነው። ወዲያው በራስዎ ቁጥር ይቀይሩት።

ወርሃዊ ክፍያ የሚጠይቅ አፕ ካለዎት አፑን ከቲቪው ማጥፋት ክፍያውን አያቆምም። ክፍያው የታሰረው ከአካውንቱ ጋር ነው። ለማቋረጥ መጀመሪያ በከፈሉበት በኩል ገብተው ይሰርዙ።