ከረጅም የስብሰባ ቅጂ ውሳኔን ለይቶ ማውጣት

በቱሉ ዲምቱ የኮንዶሚኒየም ብሎካችን ኮሚቴ ጸሐፊ እንደመሆኔ፣ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ የሁለት ሰዓት ስብሰባ ሳሳጥር በቅድሚያ የምመለከተው የተነገረውን ሐሳብ ሳይሆን ከሐሳቡ በኋላ የመጣውን ምላሽ ነው።

ስለ ውሃ ፓምፑ ጥገና በተወያየንበት ዕለት አንድ ጎረቤት «እያንዳንዳችን 500 ብር ብናዋጣስ?» አሉ፤ ሌላው «ፓምፑን ሸጠን በሬ እንረድበት» ሲሉ ተሳቀ፤ ከ40 ደቂቃ በኋላ ሰብሳቢዋ «እንግዲህ 300 ብር እስከ ወሩ መጨረሻ ለገንዘብ ያዧ ይከፈል፤ ተቃውሞ አለ?» ብለው ጠየቁና «የለም» ተባሉ። ውሳኔው ይህ የመጨረሻው ብቻ ነው፤ መጠኑ፣ ቀኑ፣ ተቀባይዋና የተሰብሳቢው ስምምነት አብረው ይገኙበታልና።

«ብናዋጣስ» የሚለው የግሥ ቅርጽ ሐሳብ መሆኑን ራሱ ይናገራል፤ «እንረድበት» ግን ቁርጥ ያለ ስለሚመስል ግሡን ብቻ ማመን ያሳስታል። ሳቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ በጽሑፉ ላይ ስለማይሰፍር፣ የሚያጠራጥረኝን ቦታ በድምፅ ቅጂው መልሼ አዳምጣለሁ። 500 ብሩን «የቀረበ፣ ያልጸደቀ ሐሳብ» ብዬ ለብቻው አሰፍራለሁ፤ በሬውን (ቢያሳዝንም) እተወዋለሁ። «እናየዋለን» ተብሎ የታለፈውንም ከውሳኔ ጋር ሳልቀላቅል ለቀጣዩ ስብሰባ አጀንዳ አድርጌ እይዘዋለሁ።