የክፍያ መንገድን በጉግል ማፕስ መለየት፦ ከአዳማ ወደ ቨርጂኒያ ለሚሄዱ

ከአዳማ አዲስ አበባ በመኪና የተመላለሰ ሰው የክፍያ መንገድን ያውቃል። ሲገባ ካርድ ይቀበላል፣ ሲወጣ ሒሳቡን ይከፍላል፤ ገንዘቡን መቆጠብ ካሻውም በሞጆና በቢሾፍቱ በኩል በአሮጌው መንገድ ይሄዳል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዙሪያ ግን I-66 በተባለው መንገድ ላይ ቆሞ ገንዘብ የሚቀበል ሰው የለም። ካሜራ ታርጋውን ያነሣል፤ E-ZPass የተባለው የክፍያ መሣሪያ መኪናው ላይ ከሌለ፣ ሒሳቡ የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሮበት በመኪናው ባለቤት ስም በፖስታ ይመጣል። የዘመድ መኪና ተውሶ የሚነዳ ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

በቨርጂኒያ ካለው ፌርፋክስ ወደ አርሊንግተን በሥራ ቀን ጠዋት የሚሄድ ሰው እንውሰድ። I-495 ከሚባለው የቀለበት መንገድ ወደ ውስጥ ያለው የI-66 ክፍል ወደ ዋሽንግተን ለሚሄዱ ከጠዋቱ 5:30 እስከ 9:30 ይከፈልበታል፤ ይህ በእኛ አቆጣጠር ከ11:30 እስከ 3:30 ነው። ዋጋውም እንደ መጨናነቁ ከፍና ዝቅ ይላል። ስለዚህ በጉግል ማፕስ ላይ መድረሻዎን ጽፈው «Directions» ከነኩ በኋላ፣ ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች፣ ቀጥሎ «Options» ይንኩና «Avoid tolls» የሚለውን ያብሩ። መተግበሪያው አርሊንግተን ቡሌቫርድ በተባለው፣ የትራፊክ መብራት በሚበዛበት ነፃ መንገድ ሊወስድዎ ይችላል። አንድ ጊዜ አብርተው፣ አንድ ጊዜ አጥፍተው የደቂቃዎቹን ልዩነት ቢያዩ፣ ገንዘቡ ይገባዋል ወይ የሚለውን ራስዎ ይወስናሉ። «Avoid highways» የሚለውን ግን አብረው አያብሩ፤ እሱ የማይከፈልባቸውን ፈጣን መንገዶችም ያስቀርብዎታል።

ከቀለበቱ ውጭ ባለው የI-66 ክፍል ደግሞ ነፃውና የሚከፈልበት መስመር ጎን ለጎን ስለሚሄዱ፣ ስልኩን ብቻ ማመን አይበቃም። «EXPRESS» የሚል ጽሑፍና ሐምራዊ የE-ZPass ምልክት ያለበትን ሰሌዳ ካዩ ያ መስመር የሚከፈልበት ነውና፣ ወደ እሱ እንዳይገቡ ይጠንቀቁ።

የዚያ አገር ሲም ካርድ እስኪያወጡ ድረስ የሚረዳዎትን ካርታ እዚሁ አዳማ ሳሉ በዋይፋይ ማውረድ ይችላሉ። የመገለጫ ምስልዎን ነክተው «Offline maps»፣ ቀጥሎም «Select your own map» ይበሉ፤ አራት ማዕዘኑ ፌርፋክስንና ዋሽንግተንን አንድ ላይ እንዲይዝ አስተካክለው «Download» ይንኩ። የወረደ ካርታ የአገልግሎት ጊዜው ስለሚያልፍ፣ «Update» ሲልዎ ዋይፋይ ባለበት ያድሱት።

ያለ ኢንተርኔት ግን ይህ ካርታ የሚመራው መኪና የሚነዳን ሰው ብቻ ነው፤ የመንገድ መጨናነቅንም አማራጭ መንገዶችንም አያሳይም። ከላይ ያልነውን ንጽጽር ከቤት ሳይወጡ የሚሠሩትም ስለዚህ ነው። በእግር፣ በአውቶቡስ ወይም በሜትሮ የሚሄድ ሰውማ አቅጣጫ ጨርሶ አያገኝም፤ የሚሳፈርበትን መስመርና የሚወርድበትን ጣቢያ ዋይፋይ ባለበት ከፍቶ ስክሪንሾት ቢይዝ ይሻለዋል።