ክብደት ቀንሰሽ የወር አበባሽ ሲጠፋ፦ ችግሩና መፍትሄው

«ሲስተር፣ ጤነኛ የሆንኩት ገና አሁን ነው። ታዲያ ፔሬዴ ለምን ጠፋ?»

በአዋላጅ ነርስነት ስሠራ ይህን ጥያቄ ስንቴ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልዘልቀውም። ጠያቂዋ ብዙ ጊዜ ከስታ የተጎሳቆለች ሴት አይደለችም። ክብደቷ በቁመቷ ልክ ነው፣ ያያት ሁሉ «አማረብሽ» ይላታል። ለዚህም ነው ችግሩ ሳይታወቅ ወራት የሚያልፉት።

የእርግዝና ምርመራ አድርገሽ ኔጌቲቭ መሆኑን አረጋግጠሻል ብዬ ነው የምነሳው። ካላደረግሽ መጀመሪያ እሱን ጨርሺ።

ምልክቱ

በፊት በየ28 ወይም በየ30 ቀኑ ይመጣ የነበረ የወር አበባ መጀመሪያ ወደ 38፣ ከዚያ ወደ 45 ቀን ይርቃል። መጠኑም ይቀንሳል። በመጨረሻ ጭራሽ ይቀራል። ሦስት ወር ሙሉ ካልመጣ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ «ይመጣል» ብሎ መጠበቅ እዚህ ላይ ያበቃል።

አብረው የሚመጡትን ምልክቶች ሳልጠይቃቸው የሚነግሩኝ ጥቂት ናቸው። ሌላው ሰው ሳይበርደው እጅና እግር ይቀዘቅዛል። ፀጉር ይረግፋል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅቶ ስለ ምግብ ማሰብ ይጀመራል። የወሲብ ፍላጎት ይጠፋል፣ ብልት ይደርቃል። በወሩ አጋማሽ ይታይ የነበረው እንደ እንቁላል ነጭ የሚለጠጥ ፈሳሽም አይታይም። ከእነዚህ ሦስት አራቱ ካሉብሽና ባለፉት ወራት ክብደት ከቀነስሽ፣ ምክንያቱን ከዚህ በታች ታገኚዋለሽ።

ምክንያቱ

ኦቫሪሽ አልተበላሸም። ትእዛዙ የቆመው ከላይ ነው።

ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል የወር አበባን የሚያስጀምረውን ሆርሞን በምት በምት ይለቃል። በዑደቱ የመጀመሪያ አጋማሽ በየአንድ ሰዓት ወይም በየአንድ ሰዓት ተኩል አንዴ ነው። ይህ ምት ኤልኤች እና ኤፍኤስኤች የሚባሉትን ሆርሞኖች ያስነሳል፣ እነሱ ደግሞ እንቁላሉን ያበስላሉ። ለሰውነት የሚተርፈው ጉልበት ሲያንስ ምቱ ይዘገያል። እንቁላል አይበስልም፣ ኢስትሮጅን ይወርዳል፣ የማህፀን ግድግዳ አይወፍርም። ያልወፈረ ግድግዳ ደግሞ የሚደማው ነገር የለውም።

ልብ በይ፣ ያልኩት «የሚተርፈው ጉልበት» ነው። ሚዛኑ ላይ የምታዪው ኪሎ ብቻ አይደለም። የስፖርቱን ድርሻ ጡንቻ ቀድሞ ይወስዳል። የቀረው ነው ለልብ፣ ለሙቀት፣ ለአጥንት፣ ለፀጉርና ለወር አበባ የሚዳረሰው። ከስብ ውጪ ላለው ለእያንዳንዱ ኪሎ ሰውነትሽ በቀን ከ30 ካሎሪ በታች ሲተርፍ፣ በጤነኛ ሴት ላይ እንኳን በአምስት ቀን ውስጥ ምቱ መዛባት ይጀምራል። ሰውነት ተደላድሎ የሚሠራው ወደ 45 ሲጠጋ ነው። ለዚህ ነው አጥንቷ ሳይወጣ የወር አበባዋ የሚጠፋው።

አንድ ታሪክ በቁጥር

የ27 ዓመት ወጣት ነች። ቁመቷ 1.64 ሜትር። በአራት ወር ከ71 ኪሎ ወደ 58 ወረደች። ክብደት ከቁመት ጋር የሚመዘንበት ቢኤምአይ ወደ 21.6 ነው፣ ማለትም ፍጹም ጤናማ የሚባል። የወር አበባዋ የጠፋው 62 ኪሎ አካባቢ ስትደርስ ነበር። በቀን 1,100 ካሎሪ ትበላለች፣ በሳምንት ስድስት ቀን አንድ አንድ ሰዓት ጂም ትገባለች።

ቁጭ ብለን አሰላነው። ከስብ ውጪ ያለው ክብደቷ ወደ 43 ኪሎ ነው። ስፖርቱ 350 ካሎሪ ይወስዳል፣ 750 ይቀራል። ለ43 ሲካፈል 17 ብቻ! ከ30ው መስመር በታች፣ ያውም በጣም በታች።

እኔ ጋ ከመምጣቷ በፊት ሌላ ቦታ አልትራሳውንድ ተነስታ ነበር። ኦቫሪዋ ላይ ብዙ ትናንሽ ከረጢቶች ታዩ። ወዲያው «ፒሲኦኤስ ነው» ተባለች፤ የወንድ ሆርሞን በዝቶ ዑደትን የሚያዛባ የኦቫሪ ችግር ማለት ነው። ምክሩ ምን ነበር? ክብደት ቀንሺ፣ ኃይል ሰጪ ምግብ አቁሚ። በምግብ እጦት የቆመን ዑደት ሌላ ምግብ በመቀነስ! እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ዛሬም ያናድደኛል። አምስት ደቂቃ ታሪኳን ቢጠይቋት ይደርሱበት ነበር።

ትእዛዝ ያጣ ኦቫሪም ትናንሽ ከረጢቶች ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ፎቶው ብቻውን አይፈርድም። ልዩነቱ ያለው ታሪኩ ላይ ነው። ፒሲኦኤስ ያለባት ሴት ዑደቷ ብዙውን ጊዜ ከጉርምስና ጀምሮ የተዛባ ነው፣ ክብደት ስትጨምር ይብስባታል፣ አገጯ ላይ ፀጉር ወይም የማይለቅ ብጉር ይኖራታል። የዚህችኛዋ ግን ለአሥር ዓመት እንደ ሰዓት የተስተካከለ ነበር፤ የጠፋው ኪሎዋ ሲወርድ ነው። ደሟ ሲታይ ኤልኤች እና ኢስትሮጅን ዝቅ ብለዋል፣ ኤፍኤስኤች ከመደበኛው ባይወጣም ዝቅ ያለ ነው፣ ታይሮይድና ወተት የሚያስመርተው ፕሮላክቲን ሆርሞን ደህና ናቸው። የማህፀኗ ግድግዳም ስስ ነበር። ፒሲኦኤስ ቢሆን ኤልኤች ዝቅ ብሎ መገኘቱ አይጠበቅም።

የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብሉ ጉዳይ

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ስህተት ይህ ነው። «የወር አበባሽን ይመልስልሻል» ተብሎ እንክብል ይሰጣታል። ደም ይመጣል። ደስ ይላታል፣ ዳይቱን ትቀጥላለች።

ያ ደም የወር አበባ አይደለም። መድኃኒቱ ለጥቂት ቀናት ሲቋረጥ የሚመጣ መድማት ነው። እንቁላል አልወጣም፣ ሃይፖታላመስም አልነቃም። እንክብሉ ችግሩን ሸፈነው እንጂ አልፈታውም። አጥንትንም እንደሚታሰበው አይጠብቅም። አንዲት እህት ሦስት ዓመት ሙሉ እንክብል ስትወስድ «ፔሬዴ ደህና ነው» እያለች ኖረች። ለመውለድ ብላ ስታቆመው ሰባት ወር ምንም አልመጣም። የአጥንት ጥግግቷ ሲለካ በዕድሜዋ ከሚጠበቀው በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ገና 30 ዓመቷ ነበር።

እርግዝና ለመከላከል ከሆነ እንክብሉን ውሰጂ፣ አልቃወምም። የወር አበባን «ለማስተካከል» ብቻ ከሆነ ግን ሐኪምሽን በደንብ ጠይቂ። ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የወር አበባ ካልመጣ ደግሞ የአጥንት ጥግግት ምርመራ ይደረግልሽ።

መፍትሄው

ወደ 27 ዓመቷ ወጣት ልመለስ። መጀመሪያ ጂሙን አቆምን። በምትኩ የ30 ደቂቃ የእግር ጉዞ ተተካ። ምግቧ በየሳምንቱ በ250 ካሎሪ እየጨመረ በአራት ሳምንት 2,100 ደረሰ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 43 በ45 ሲባዛ 1,935 ይሆናል፣ በላዩ ላይ የእግር ጉዞው። ቁርስ መዝለል ቀረ። ቅባትና ኃይል ሰጪ ምግብ ወደ ገበታዋ ተመለሱ።

በጣም የከበዳት በሦስተኛው ሳምንት ነው። ሆዷ ይነፋል፣ ሚዛኑ በአንዴ ሁለት ኪሎ ጨመረ። አለቀሰች። አብዛኞቹ የሚያቋርጡት እዚህ ጋ ነው። ከዚያ ውስጥ ብዙው ውሃና አንጀት ውስጥ ያለ ምግብ ነው፣ በዚያ ፍጥነት አይቀጥልም። ሚዛኑን ከቤት አውጥታ ለእህቷ እንድትሰጥ አደረግን።

በሰባተኛው ሳምንት የሚለጠጠው ፈሳሽ ታየ። የወር አበባዋ የመጣው በአራት ወር ተኩል፣ 63 ኪሎ ላይ ነው። ከጠፋበት ኪሎ ትንሽ ከፍ ብሎ መመለሱ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ «የጠፋበት ኪሎ ላይ ደርሻለሁ፣ ለምን አልመጣም?» ብለሽ ተስፋ አትቁረጪ። ቀጣዮቹ ዑደቶች 41፣ 36፣ ከዚያ 32 ቀን ሆኑ።

አንድ ነገር አስምሪበት። እንቁላል የሚወጣው ከመጀመሪያው የወር አበባ በፊት ነው። «ፔሬድ የለኝም፣ አላረግዝም» ብላ ያለ መከላከያ የቆየችና የወር አበባዋን ሳታይ ያረገዘች አውቃለሁ።

ምግቡ በትክክል ተስተካክሎ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ምንም ካልመጣ፣ ሐኪም አጥንትን ለመጠበቅ በቆዳ የሚለጠፍ ኢስትሮጅን ከፕሮጄስትሮን ጋር ሊያዝ ይችላል።

ይህን ሁሉ ቤትሽ ሆነሽ እንዳትሞክሪ የምከለክልሽ ደግሞ አለ። የምታስመልሺ ከሆነ፣ ራስሽን የምትስቺ ከሆነ፣ የልብ ምትሽ ቁጭ ብለሽ ከ50 በታች ከሆነ፣ ወይም እጅግ ከስተሽ ከሆነ ወደ ሐኪም ቤት ሂጂ። በጣም የተራበ ሰውነት በድንገት ብዙ ሲመገብ የደም ማዕድናት ተዛብተው ሕይወት ሊያልፍ ይችላል። እዚያ ምግቡ የሚጨመረው በክትትል ነው።

ክብደት ጨምሮ ሲዛባ

እዚህ መንገዱ ሌላ ነው። ክብደት ሲጨምር ኢንሱሊን ይበዛል፣ ኢንሱሊኑ ኦቫሪን የወንድ ሆርሞን አብዝቶ እንዲያመርት ይገፋዋል፣ እንቁላል ሳይወጣ ይቀራል። ስቡ ራሱ ደግሞ ኢስትሮጅን ይሠራል። ስለዚህ የማህፀን ግድግዳ ያለ ማቋረጥ ይወፍራል። ሁለት ሦስት ወር ይጠፋና ከዚያ አሥራ አምስት ቀን የሚፈስ፣ የረጋ ደም ያለበት መድማት ይመጣል።

ለብዙዎች ከክብደታቸው ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ይበቃል። 90 ኪሎ ለሆነች ሴት ይህ ከ4.5 እስከ 9 ኪሎ ነው። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ያህል። በአንድ ወር ልጨርሰው ካልሽ ከአንዱ ችግር ወጥተሽ ከላይ ወዳወራነው ትገቢያለሽ። እስከዚያው ከሦስት ወር በላይ ካልደማሽ ሐኪም ግድግዳውን የሚያረግፍ ፕሮጄስትሮን ይስጥሽ። ዕድሜሽ 45 እና ከዚያ በላይ ሆኖ እንዲህ ከደማሽ፣ ወይም ከዚያ በታች ሆነሽ መድማቱ ለወራት ከተደጋገመ፣ ከግድግዳው ናሙና ተወስዶ መታየት አለበት።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

ሳትወልጂ ከጡትሽ ወተት ከወጣ፣ በተለይ ከራስ ምታት ጋር፣ ፕሮላክቲን ይታይ። ብዙ እየበላሽ የምትከሺ፣ ልብሽም የሚመታ ከሆነ ታይሮይድ ይመርመር። ድንገተኛ ሙቀትና ላብ ኖሮ ኤፍኤስኤች ከፍ ካለ፣ ኦቫሪ ያለ ዕድሜው ሥራ እያቆመ ሊሆን ይችላል፤ ምግብ አይመልሰውም። ለክብደት መቀነሻ የሆድ ቀዶ ሕክምና ካደረግሽ የመውለድ አቅምሽ በፍጥነት ሊመለስ ስለሚችል፣ ከ12 እስከ 18 ወር እንዳታረግዢ በእንክብል ብቻ ሳትተማመኚ ሌላ መከላከያ ከሐኪምሽ ጋር ምረጪ።