የሚያሳክከው፣ የሚያስምጠውና በእግር የሚገባው፦ ሦስት የአንጀት ትሎችን እንዴት እንለያለን?

ባሕር ዳር ያለችው ጎረቤቴ የ6 ዓመት ልጇን ሁለት ጊዜ ሰገራ አስመረመረችው። ሁለቱንም ጊዜ «ምንም የለም» ተባለች። ልጁ ግን ማታ ማታ መቀመጫውን ሲያክ ነው የሚያድረው። «አንተ ላብራቶሪ አይደል የምትሠራው? እስኪ ንገረኝ» አለችኝ።

1. ሌሊት የሚያሳክክ ከሆነ ሰገራውን ተዉትና ስኮች ያዙ። ፒንዎርም እንቁላሏን የምትጥለው ሌሊት ወጥታ ፊንጢጣ ዙሪያ ነው። ሰገራ ውስጥ እምብዛም አይገኝም። ጠዋት ልጁ ሳይታጠብ፣ ሽንት ቤትም ሳይሄድ፣ ግልጽ ስኮች ፊንጢጣው ዙሪያ ጫን ጫን አድርጉና የላብራቶሪ መስታወት ስላይድ ላይ ለጥፉት። ለ3 ተከታታይ ጠዋት ይደገም። የጎረቤቴ ልጅ ላይ በሁለተኛው ጠዋት እንቁላሉ ተገኘ። እንቁላሉ ቀለም የለውም፤ አንድ ጎኑ ለጥ ያለ፣ ሌላው ጎበጥ ያለ ነው። ውስጡ የተጣጠፈ እጭ ይታያል። ልጁ ሲያክ እንቁላሉ ጥፍሩ ሥር ይገባል፣ ከዚያ ወደ አፉ፣ ወደ አንሶላው፣ ወደ ወንድሞቹ። ስለዚህ መድኃኒቱን ቤተሰቡ በሙሉ ወሰደ፤ ከ2 ሳምንት በኋላም ተደገመ።

2. ደምና ንፍጥ ያለው ተቅማጥ ከማማጥ ጋር ካለ ዊፕዎርምን ጠርጥሩ። ጥቂት ትል ብቻ ከሆነ ምንም ላይሰማ ይችላል። ሲበዛ ግን ሕፃናት ላይ ፊንጢጣ እስከ መውጣት ያደርሳል። እንቁላሉ ከሰገራ ጋር ወጥቶ እርጥብ አፈር ውስጥ ሳምንታት መቆየት አለበት፤ ከሰው ወደ ሰው በቀጥታ አይተላለፍም። የሚገባው በቆሸሸ እጅና በደንብ ባልታጠበ ሰላጣ ነው። እንቁላሉን መለየት ቀላል ነው፦ ቡናማ በርሜል፣ ሁለቱም ጫፉ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቡሽ።

3. በባዶ እግር የሚሠራ ሰው ከሆነ ስትሮንጂሎይድስን አስቡ። ፎገራ ላይ ሩዝ ማሳ ውስጥ የሚውል ገበሬን ውሰዱ። እጩ ከተበከለ እርጥብ አፈር በቆዳ በኩል ይገባል። የሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥ፣ አንዳንዴም መቀመጫና ጭን ላይ በሰዓታት ውስጥ ቦታ የሚቀይር የሚያሳክክ መስመር ያመጣል። ሰገራው ውስጥ የሚታየው እንቁላል ሳይሆን የሚንቀሳቀስ እጭ ነው።

እዚህ ላይ ነው ስህተት የሚበዛው። ማታ የተያዘ ሰገራ እስከ ማግስቱ ከቆየ ሁክዎርም የሚባለው ሌላ የአንጀት ትል እንቁላል ይፈለፈልና እጩ ያሳስታል። የሁክዎርሙ እጭ የአፉ ቦይ ረጅም ነው፤ የስትሮንጂሎይድስ አጭር። ሰገራው ትኩስ ከሆነ ግን ይህ ጣጣ የለም። እጩ በየቀኑ ስለማይወጣ አንድ ጊዜ «የለም» መባሉ ነፃ ነው ማለት አይደለም። ትሉ ሰውነት ውስጥ ራሱን እያባዛ ለዓመታት ስለሚቆይ፣ እንዲህ ያለ ሰው ፕሬድኒሶሎን ሊጀምር ከሆነ አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። መድኃኒቱ የሰውነትን መከላከያ ሲያዳክም እጩ መላ ሰውነትን ሊወርር ይችላል፤ ያ ደግሞ ይገድላል።